ዞሮ ዞሮ ከአመድ

ነቀምት ውስጥ ፈረንሳይኛ አስተምር ነበር። የፈረንሳይኛ ክፍሉ ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ ላለ አንድ የዜና ድረ ገጽ ከፈረንሳይ ጋዜጦች መተርጎም ጀመርኩ። ከሁሉ የሚያደክመኝ ርዕሱ ነው። ፈረንሳዮች ርዕስ ሲጽፉ ሁሉንና ጥቂቱን የሚለዩበትን «ሌ»ና «ዴ» የሚሏቸውን ትንንሽ ቃላት ይጥላሉ፤ ግሱንም ያስቀራሉ። ሁሉም ሰዎች ይሁኑ ጥቂቶች፣ ነገሩ ያለፈ ይሁን የሚመጣ፣ ዜናውን እስከ ታች ካላነበቡ አይታወቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ስለኛው አገር የተጻፈ መጣልኝ፦ «ዴፕላሴ ዱ ወለጋ፦ ረቱር ኣ ላ ካዝ ዴፓር»። የወለጋ ተፈናቃዮች፣ ወደ መነሻው «ካዝ» መመለስ። «ካዝ» የገበታ ጨዋታ ላይ ያለች ሳጥን ናት፤ ወደ መነሻዋ መመለስ ማለት ልፋት ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ያው ቃል ደግሞ ጎጆ ማለት ነው። ዜናው ወደ ጊዳ አያና የተመለሱ ጥቂት ቤተሰቦች ቤታቸው ተቃጥሎ አግኝተው እንደገና መሸሻቸውን ይናገራል።

ብዙ አሰብኩና «አንዳንድ የወለጋ ተፈናቃዮች፦ ዞሮ ዞሮ ከአመድ» ብዬ ላክሁ። ደስ ብሎኝም ነበር።

አርታኢው ተረቱን የተሳሳትኩ መስሎት «ዞሮ ዞሮ ከቤት» ብሎ አረመው። «አንዳንድ» የሚለውንም ለማሳጠር አወጣው።

ይህን ያወቅሁት በማግስቱ፣ በግቢያችን ተከራይታ የምትኖረው ሴት ስልኳን ይዛ ስትገባ ነው። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷና ባሏ ከጊዳ አያና ሸሽተው ነው እኛ ጋ የገቡት።

«እትዬ፣ አገሩ ሰላም ሆነ አሉ! ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ፤ ያነበቡት ርዕሱን ብቻ ነው።

«ባልሽስ የት አለ?»

«መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ማሽላው ሳይበላሽ ልድረስ አለ።»

«ውሸት ነው እኮ! እኔ የጻፍኩት እንዲህ አይደለም!»

ደወልን፤ ስልኩ አይሠራም። መናኸሪያ ሮጥን። ሾፌሮቹን በኦሮምኛ ጠየቅሁ፤ መኪናው ከወጣ ቆይቷል አሉኝ። አርታኢው ጋ ደውዬ ጮህኩበት። ይቅርታ ጠይቆ ርዕሱን አስተካከለ። ምን ሊያደርግልን!

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ከግቢው በር አልተነሳችም። ምግብ ስሰጣት ታመሰግነኛለች፣ አትበላም።

ባሏ በሳምንቱ በእግሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ። ማሽላው ታጭዷል፤ ቤቱ የነበረበትን ያወቀው በጓሮው የውሃ ጉድጓድ ነው። እዚሁ ነቀምት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ተከትሎት ሄዶ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ተኩስ ሲነሳ ተለያይተዋል።

ውሃ ሰጠሁት። እርም አውጥቶ እንዳያለቅስ የወንድሙን ሬሳ አላየም።

ዜናው ከፈረንሳይ ጋዜጣ መተርጎሙን ሚስቱ ነግራው ኖሮ፣ «ፈረንሳዩ ምን ብሎ ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እንግዲያ እሱ እውነቱን ተናግሯል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንድምየው እስካሁን አልተገኘም።