ጠብታው ከመግባቱ በፊት

ቤቴል ባለው ትንሽ የዓይን ክሊኒክ መርማሪ ሆኜ ስሠራ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ። መንጃ ፈቃድ የፈለገ የፊደል ሰሌዳውን ሸምድዶ ይመጣል፤ መነጽር ያማራት ተማሪ ደግሞ ትልቁንም ፊደል አላየሁም ትላለች። አንድ በያጅ ከአሠሪው ጋር ሲገባም መጠርጠር የጀመርኩት ገና ሳይቀመጥ ነው።

ሰውዬው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ዝምተኛ ነበር። ከሳምንት በፊት ሥራ ላይ ብረት ተፈናጥሮ ግራ ቅንድቡን መትቶታል። ቁስሉ ሊድን ምንም አልቀረውም።

«በግራዬ አይታየኝም» አለ።

አሠሪው ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ ካሳ ልጠይቅ ይላል እንጂ ጠዋት ሌላ ቦታ ታይቶ ዓይኑ ደህና ነው ተብሏል። ብቻ እሱን በወረቀት ጻፉልኝ።»

የካርዳችንን አሠራር ከሐኪማችን ጋር የለወጥነው በቅርቡ ነበር። ድሮ «ሁለቱም ዓይን ደህና» ተብሎ ይታለፍ ስለነበር ማን ምኑን እንዳየ አይታወቅም። አሁን ቀኝ ዓይን በአንድ ዓምድ፣ ግራ በሌላው። ከላይ የማየት አቅም፣ ቀጥሎ ብሌን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ፣ የዓይን ግፊት፣ ከዚያ ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ መሣሪያ ከፊት ወደ ኋላ የሚታየው ሁሉ፣ ከታች የዓይኑ ወለል፣ ማለትም የውስጡ ጀርባ። ያልታየ ነገር ካለ «ደህና» አይባልም፤ «አልታየም» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፋል።

ቀኙ ትንሽ ቀዳዳ ባለው መሸፈኛ እያየ 6/6፣ እንደ ጤነኛ ዓይን፣ አነበበ። ግራው ጣቴን እንኳ መቁጠር አቃተው፤ እጄ ሲወዛወዝ ብቻ አየ። ግፊቱ ቀኝ 14፣ ግራ 15፤ ሁለቱም ደህና። በስሊት ላምፕ የሁለቱም ብሌን ሰፍቶ አገኘሁት።

«ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገውልዎታል?»

«ጠዋት፣ እዚያ። ሁለቱንም ነው።»

የዓይኑ የፊት መስታወት ጥርት ያለ፣ ሌንሱም ከቦታው ያልተነቃነቀ፣ ደም የሚባል የለም። ሐኪማችን ወለሉን አየ። የነርቩ ጫፍ በሁለቱም ዓይን ሮዝ፣ መሃሉ ያለው ጉድጓድ እንደ ጤነኛ 0.3፣ የማየት ማዕከሉ ደህና፣ ሬቲናው ያልተቀደደ። በግራው ዓምድ የላይኛው መስመር አይታየኝም ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ግን ከቀኙ ጋር አንድ ነው።

ሐኪማችን ወደ ጎን ጠራኝ። «እየቀለደብን ይመስለኛል» አለ በለሆሳስ።

እኔም መሰለኝ። ሲገባ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ሳይነካ ማለፉን አስተውዬ ነበር። ግን ከካርዱ አንድ ረድፍ ባዶ ነው።

«ብሌኑ ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ አላየንም» አልኩት። «ጠብታው እያለ አይታይም።»

ካርዱን ከላይ እስከ ታች አየ። «ነገ ይምጣ» አለ በመጨረሻ። «ማንም ጠብታ እንዳይጨምርለት።» እኔም በባዶው ረድፍ «አልታየም፤ ጠብታ ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ።

አሠሪው ፊቱን አጠቆረ። በያጁም ደስ አላለውም። ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «እህቴ፣ አሠሪዬ በድብቅ ያናገራችሁ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። በእኔ ዓይን እሱ ውሸታም ነበር፤ በሱ ዓይን ደግሞ እኛ የተገዛን ነበርን። እንዲሁ ተያይተን ተለያየን።

በማግስቱ ክፍሉን አጨለምን። ሐኪማችን ባትሪውን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሲያበራ ሁለቱም ብሌኖች ጠበቡ። ብርሃኑን ወደ ግራው ቶሎ ሲያሻግር፣ መጥበብ ሲገባቸው ሁለቱም ሰፉ። ደገመው፤ አሁንም ሰፉ።

«ነይ እይ» አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ሰው በአፉ ሊዋሽ ይችላል፤ ብሌኑን ግን ማዘዝ አይችልም። ብሌኖቹ የሰፉት የግራው ዓይን ብርሃኑን ወደ አንጎል ስላላደረሰ ነው። ምቱ ከዓይኑ ጀርባ ያለውን ነርቭ ጎድቶታል፤ ያ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወለሉ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሐኪማችን ያየውን በብሌኑ ረድፍ፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ ጻፈና የጭንቅላት ምስል እንዲነሳ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከው። አሠሪውን አስገብቶም፣ «የሚለው እውነት ነው፤ የምጽፍልዎም ይሄንኑ ነው» አለው። አሠሪው ሌላ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ ብሎ ወጣ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በያጁ ብቻውን መጣ። ሆስፒታሉ ነርቩ መጎዳቱን አረጋግጦ ነበር፤ የሚመለስ ነገር ግን አልነበረም። ግራው አሁንም ከእጅ መወዛወዝ ሌላ አያይም። ጠብታ ጨምረን ወለሉን ስናይ የቀኙ ነርቭ ሮዝ ነው፤ የግራው ነጥቷል። ቀኑን ጠቅሼ በየዓምዱ ጻፍኩ። የቀረችውን አንድ ዓይን የሚጠብቅበት መከላከያ መነጽር ሳያደርግ እንዳይበይድ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«የመጀመሪያውን ቀን ካርድ ላየው?» አለ።

ሰጠሁት። በጣቱ ወደ ታች እየወረደ የብሌኑ ረድፍ ላይ ቆመ። «አልታየም፤ ጠብታ ገብቷል» ይላል፤ ከሥሩ በማግስቱ ቀን የሐኪማችን ጽሑፍ።

«ይሄን ያን ጊዜ ነው የጻፋችሁት፣ ወይስ አሁን?»

«ያን ጊዜ ነው።»

ፊቴን በደህናው ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ካርዱን ፎቶ አነሳ፣ ግልጽ መውጣቱን ቀረብ አድርጎ አረጋገጠ፣ አመሰገነኝና ሄደ።