ሊማሊሞ ላይ የወደቀው የአረፋ በግ

ሐሙስ፣ ከአዲ አርቃይ

ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር የተነሳሁት ጓደኛዬን ኑሩን እንኳን ለአረፋ አደረሰህ ልለው ነው። እሱ ጎንደር ላይ ጨርቅ ይነግዳል፣ እኔ እዚህ አስተምራለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አብረን ከተማርን ወዲህ እሱ ለፋሲካ ይመጣል፣ እኔ ለአረፋ እሄዳለሁ። ዘንድሮ አባቱ ከሞቱ የመጀመሪያው አረፋ ስለሆነ፣ «በግ እንዳትገዛ፣ ከእኔ ነው» ብዬ ደውዬለት ነበር። ቤተሰቡ ሌላ በግ አልገዛም።

ለአረፋ መሥዋዕት የሚታረደው የኡድሂያ በግ እንከን አይወድም። ስለዚህ ዓመት የሞላው፣ ጆሮውም ቀንዱም እግሩም ደህና የሆነ ሙክት መረጥኩ። ደግሞ በሕይወት መድረስ አለበት። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም እኛ አንበላም። የሚኒባሱ ሹፌር ለበጉ የሰው ታሪፍ አስከፍሎኝ ጣራ ላይ አሰረው።

ሊማሊሞ

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ልንጨርስ፣ ደባርቅ ልንደርስ ስንል ከላይ የሆነ ነገር ተንሸራተተ፣ ወዲያው ከኋላችን ዱብ አለ። ወርጄ ሳየው ክው አልኩ። ገመዱ ተበጥሶ በጉ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል፣ ወገቡ ተሰብሮ ያጣጥራል።

«ሙስሊም ተሳፋሪ አለ?» ብዬ ጮህኩ። አንድም አልነበረም። አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ተሳፋሪ ሳይሞት ብለው ቢላ አወጡና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ባረኩት። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። 

ከገፈፍነው በኋላ ሹፌሩ ሥጋውን ጆንያ ውስጥ እየከተተልኝ፣ «ምነው እንዲህ ተጨነቅህ? ሙስሊም ነው ያረደው በላቸው። ማን አየ?» አለኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አያ ታከለ ሹፌሩን ተቆጡት፦ «ወዳጁን በበዓሉ ቀን እምነቱን ሊያስፈርሰው ነው የሚሄደው? እንዲህ ያለው እንኳን አደረሰህ ይቅር!»

ወለቃ

ጎንደር መግቢያ ላይ የወለቃ ሴቶች የሸክላ ዕቃቸውን መንገድ ዳር ደርድረዋል። ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ ነው። ጆንያ ይዤ ድንገት ደጃቸው ከምቆም ቀድሜ መንገር አለብኝ ብዬ ለኑሩ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።  

«አንተስ? አንተ ደህና ነህ?» አለኝ ኑሩ።

ጎንደር ቤታቸው ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ የመግሪብ ሰላት ሊደርስ ነው። በዋዜማው ጾመው ስለዋሉ ተምርና ውሃ ቀርቧል። ጆንያውን ደጅ ትቼ ገባሁ። እናቱ እማማ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ።

«መንገድ ላይ መታረዱን ኑሩ ነገረኝ። ማነው ያረደው?»

«ክርስቲያን ነው እማማ። በስመ አብ ብለው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

ደነገጥኩ። ሐዘኑ ናላቸውን ያዞረው መሰለኝ። እሳቸው ግን ተነስተው ጓዳ ገቡና በነጭ ጨርቅ የታሰረ ድስትና ቢላ ይዘው ወጡ። ይህን ያህል ዓመት እዚያ ቤት ስበላ የክርስቲያን እንግዶች ድስት ለብቻው እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ባላቸው በየአረፋው ክርስቲያን ጎረቤት ጠርተው ለእንግዶቻቸው ለብቻ ያሳርዱ ነበር።

«እሱ ከሞተ ማን ያሳርድልኛል? ደጄን እያንኳኩ የሚመጡትን ጎረቤቶች ጾማቸውን ልመልስ ነው ብዬ ሳለቅስ ሰነበትኩ» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ሥጋውን ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ለእቴቴ አልጋነሽ ሰጧቸው፣ በዚያው ድስት ወጡን ሠሩት።

«ኡድሂያውስ?» አልኩት ኑሩን።

«ሙስሊም ቢያርደውም አይሆንም ነበር፣ ከዒድ ሰላት በፊት ነዋ! ደግሞ ነገ ብቻ አይደለም፣ ቅዳሜም ይታረዳል። ቅዳሜ ገበያ ነው።»

ዓርብና ቅዳሜ

ጠዋት ከሰላት ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። «እንኳን ለአረፋ በሰላም አደረሳችሁ፣ ዒድ ሙባረክ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን!» አሉ እማማ ዘይነባ፣ አቅፈው ሳሙኝ። ስለ ባላቸው አንድ ቃል ጨመርኩ፣ «ቦታቸው ጎደለ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኑ ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለነበር ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር ከዚያ ድስት በላሁ።

ቅዳሜ ከኑሩ ጋር ገበያ ወጥተን ሌላ በግ ገዛሁለት። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ እግሩን ራሱ አየ፣ እየነዳ አስገባው። ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ ቂብላ አዙሮ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ አረደ። የአባቱን ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

እሑድ፣ ቤቴ

አዲ አርቃይ ስገባ ባለቤቴ የጠየቀችኝ ስለ በጉ ነው። እስካሁን መልካም ምኞት የአፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ በኋላ ግን እንኳን አደረሰህ ማለት ያ ሰው የሚጠነቀቅለትን ነገር አብሮ መጠንቀቅ መሆኑ ገባኝ። ያን ሹፌር ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም እደነግጣለሁ።

እማማ ዘይነባ ግን ሲሸኙኝ እየሳቁ ነበር፦ «ለፋሲካ እኛ በግ ይዘን ስንመጣ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ጣራ ላይ ኑሩ ይወጣል።»