ለጌጥ የገባችው አራት

ፎቶኮፒ የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ ግን ማሽኑን ሰደቡት ባይ ነኝ። ማሽን ቢያንስ አንዳንዴ ወረቀት ይነክሳል፣ ይበላሻል፣ ባለሙያ ይጠራለታል። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዴም ሳይበላሽ ያንኑ ፈተና አወጣ። በዩኒቨርሲቲያችን የሲግናል ትምህርት መምህር ነው። ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ለብሶት የማያውቅ ኮት ተሰቅሏል፣ መሳቢያው ውስጥ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ፋይል አለ። ፈተናውም መልሱም እዚያ ፋይል ውስጥ ናቸው። ከዚያ ፋይል ውጭ የሚያውቀው ነገር ስለመኖሩ እስከ ዛሬ ማስረጃ አላገኘሁም።

የሚያስተምረው ነገር እንደሚወራበት አይከብድም። ሲስተም ማለት ቁጥር ተራ በተራ የሚገባበት፣ ቁጥር ተራ በተራ የሚወጣበት ነገር ነው። የሚገባው x[n]፣ የሚወጣው y[n] ይባላል፤ n የተራው ቁጥር ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የሚገባውን እጥፍ ብታደርገው የሚወጣው እጥፍ ይሆናል ወይ? ሁለት ግቤቶችን ደምረህ ብታስገባስ የየብቻቸው ውጤት ተደምሮ ይወጣል ወይ? ሁለቱም እሺ ካሉ ሊኒየር ነው። ግቤቱን አንድ ተራ ብታዘገየው ያው ውጤት አንድ ተራ ብቻ ዘግይቶ ከመጣ ታይም ኢንቫሪያንት ነው። የአሁኑን ውጤት ለመስጠት ገና ያልመጣ ግቤት የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ ኮዛል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፎቶኮፒ ይህን አያስተምርም። እሱ የሚያስተምረው መልክ ማየት ነው። "ስኩዌር ካለበት ሊኒየር አይደለም። n ከውጭ ከተባዛ ታይም ኢንቫሪያንት አይደለም። ቅንፉ ውስጥ ፕላስ ካለ ኮዛል አይደለም። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ለ y[n] = n x[n] ያስኬደዋል፤ ቁጥር አንድ በተራ አንድ ስትገባ አንድ ሆና ትወጣለች፣ ያችው በተራ ሁለት ስትገባ ሁለት ሆና ትወጣለች። ለ y[n] = x[n+1]ም ያስኬደዋል። y[n] = x[−n] ሲመጣ ግን ፕላስ ስላላየ "ኮዛል ነው" ብሎ ያልፋል። n ነጌቲቭ አንድ ሲሆን ሲስተሙ የሚጠይቀው x[1]ን፣ ያልገባውን ነው። ረዳቱ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን ይህን ብነግረው "ከዜሮ በፊት ደግሞ ምን ሰዓት አለ?" አለኝ። እኔም "ልክ ነው፣ መምህር" ብዬ ወጣሁ።

ከማታ ተማሪዎቹ አንዷ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ልጆች ያሏት፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጥፍሯ ሥር ሁሌ ግራሶ የማይጠፋ ሴት። በዚህ ትምህርት ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛ ከወደቀች ትባረራለች፤ የስድስት ዓመት ልፋቷ ውሃ በላው ማለት ነው። በእኔ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ከፊት ወንበር ትቀመጥ ነበር። "መጀመሪያ ዜሮ አስገቡ። ዜሮ ገብቶ ዜሮ ካልወጣ ሊኒየር የሚባል ነገር የለም" ያልኩትን ደብተሯ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፈችው። ፎቶኮፒ ቢያየው ይቀድደው ነበር፤ ደግነቱ ደብተር አያይም።

በዚያ ዓመት ዲኑ ፈተና ሁሉ አዲስ ይሁን ብሎ አዘዘ። ፎቶኮፒ ግማሽ ቀን ቢሮውን ዘግቶ አማጠ። አሮጌው ጥያቄ y[n] = 0.5 y[n−1] + x[n] ነበር፣ ያለፈው ውጤት ግማሽ ሲደመር የአሁኑ ግቤት፣ ሥራው ከዜሮኛው ተራ የሚጀምር፤ ከሥሩ "ሲስተሙ ሲጀምር ባዶ ነው" ይላል። መልሱ ሊኒየር፣ ታይም ኢንቫሪያንት፣ ኮዛል፤ ትክክል ነው። ግማሽ ቀን አምጦ የተገላገለው ይህን ነው፤ "ባዶ ነው" የሚለውን ሰርዞ y[−1] = 4 ብሎ ጻፈበት፤ ከመጀመሩ በፊት ውስጡ አራት አለ ማለት ነው። መልሱን አልነካውም። አንብቤ እንድፈርም ሰጠኝ። አራቷን አየኋት። የድሮው መልስ ከእሷ ጋር እንደማይሄድም አየሁ። የዕድገት ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ የእሱን ፊርማ እየጠበቀ ነበር፣ ስለዚህ ፈረምኩ።

ማለፊያው ከመቶ ሃምሳ ነው፤ እሷ አርባ ስምንት አገኘች። ጥያቄው ስድስት ነጥብ ነበረው፣ ለያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ሁለት። "ሊኒየር አይደለም፣ ታይም ኢንቫሪያንት አይደለም፣ ኮዛል ነው" ብላ ጽፋ ሁለት ብቻ ተሰጣት። አቤት አለች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ጠዋት ተሰበሰብን፤ ኃላፊው፣ ፎቶኮፒ፣ እኔ። ኃላፊው ከሰው ጋር ላለመጣላት የተፈጠረ ሰው ነው። እሷ የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች ሰሌዳው ጋ ቆመች።

"ምንም አላስገባም። በዜሮኛው ተራ የአራት ግማሽ፣ ሁለት ይወጣል። ዜሮ ገባ፣ ሁለት ወጣ" አለች። "አሁን አንድ ላስገባ፤ ሦስት ይወጣል። ሁለት ላስገባ፤ አራት። እጥፍ ቢሆን ስድስት ነበር።"

ፎቶኮፒ ሰዓቱን አየ።

"አንዷን ደግሞ ላዘግያት። በዜሮ ሁለት ወጣ፤ በተራ አንድ የሁለት ግማሽ አንድ፣ ከገባችው አንድ ጋር ሁለት። ሳትዘገይ ሦስት ነበር የሰጠችው። ዘገየች እንጂ ያው አይደለችም። ሲስተሙ የሚጠብቀው ገና ያልመጣ ግቤት ግን የለም፣ ለዚህ ኮዛል ነው አልኩ።"

"አንቺ ሴት" አለ ፎቶኮፒ፣ "እኩልዮሹን እይው እንጂ! ስኩዌር አለው? የለውም። አራቷ ለጌጥ የገባች ናት!"

ለጌጥ። በእግዜር፣ እንዲህ ነው ያለው። ኃላፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ዜሮ አስገብቼ እንድፈትሽ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አለች፣ በጠመኔዋ ወደ እኔ እያመለከተች።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ አንተ ንገረን። ልክ ናት?"

ፎቶኮፒ ቀና ብሎ አየኝ። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም።

"ጥያቄው... ትንሽ አሻሚ ነው" አልኩ።

ኃላፊው ፊቱ በራ። "በቃ! አሻሚ ከሆነ ለሁሉም ይሰረዛል። ከዘጠና አራት ይታሰብ።"

እሷ ከማናችንም ቀድማ አሰላችው። ያገኘቻት ሁለትም አብራ ትሰረዛለች፤ አርባ ስድስት ከዘጠና አራት። "አርባ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ" አለች፣ ለራሷ። ሰሌዳውን በጥንቃቄ አጠፋች፣ ጠመኔውን ቦታው መለሰች፣ ወጣች።

ፎቶኮፒ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቢሮው የእኔ ነው፣ ሰማያዊው ፋይልም። ስንቀው እንደኖርኩ ዛሬም እንቀዋለሁ፤ እሱ ግን ቢያንስ አራቷ ምን እንደምታደርግ አያውቅም ነበር።

እሷን በወር አንዴ አያታለሁ። የሕንፃችንን ሊፍት የምትጠግነው እሷ ናት። ሳያት ደረጃውን እመርጣለሁ፣ አምስት ፎቅ እያለከለክሁ። ባለፈው ግን ወረቀት ተሸክሜ ስመጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የፍተሻ ካርዱን ሊፍቱ ግድግዳ ላይ እየለጠፈች ነበር። በአክብሮት ከበሩ ገለል አለችልኝ።

"ይግቡ፣ መምህር፣ አይፍሩ" አለች። "እኔ ያልፈተሽኩትን አልፈርምም።"