ጌሙን እንቢ ያሰኘው ፎልደር

ያን የኳስ ጌም ከወልድያ በሃርድ ዲስክ አስጭኜ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ኳስ ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ከሥራ ሲወጣ መርሳ ገበያው አጠገብ ያለው ጌም ቤት ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ቤት የሚመጣው እራት ሲደርስ ነው። ጌሙ እቤት ካለ እሱም እቤት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ጆይስቲክ ገዛሁ፣ አንዱ ለራሴ። ቀናተኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ? እዚያ በሚቀመጥበት ወንበር ሳይቀር እቀና ነበር።

ባሌ ጌሙን ላፕቶፑ ላይ ጫነው። ሲከፍተው ግን ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አጥፍቶ እንደገና ዲ ድራይቭ ላይ ጫነው፤ ያው ነው። በኋላ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ጨዋታውን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር መክፈት አቃተኝ ይላል። ከሥሩ የፎልደሩ አድራሻ አለ፤ አድራሻው መሃል፣ የባለቤቱ ስም መሆን በነበረበት ቦታ፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል።

«ሲቀዳ ተበላሽቶ ነው» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው?

«የትም አትሄድም! ላፕቶፑን አንሳ» አልኩትና በባጃጅ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት።

ጠጋኙ መልእክቱን ሲያይ ሳቀ። «አብሽሩ፣ ጌሙ ደህና ነው። የተጠቃሚው ፎልደር ስም በአማርኛ ተጽፎ ይሆናል። ይሄ ጌም ደግሞ የላቲን ፊደል ካልሆነ አያነብም። የትም ብትጭነው ጨዋታውን የሚያስቀምጠው እዚያ ፎልደር ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሲጠፋው ይዘጋል።»

«ስሜ እኮ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው» አለ ባሌ።

«እሱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው። እሱን ብትቀይር ፎልደሩ መጀመሪያ የተሰጠውን ስም ይዞ ይቀራል።» ይህን እያለ ሲ ድራይቭ ውስጥ ገባ፣ የተጠቃሚዎቹን ፎልደር ከፈተ። እዚያ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ሆዴ» ይላል።

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።

«ማነው የጻፈው?» አልኩት።

አልዋሸም፤ ባይዋሽ ምን ይጠቅመኛል? ላፕቶፑን የገዛው ሲሪንቃ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ያኔ የታጨችለት ልጅ ነበረች። ዕቃው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ኪቦርዱን አማርኛ አድርጋ ስም ያስገባችለት እሷ ናት። ሲለያዩ የሚታየውን ስም ቀየረው፣ ከዚያ ረሳው። እኔ ስንት ጊዜ ፊልም ያየሁበት፣ የሰርጋችን ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ! ፎቶዎቻችን ሁሉ እሷ «ሆዴ» ባለችው ፎልደር ውስጥ ነው የኖሩት። አንገበገበኝ።

«ቀይረው! አሁኑኑ!» አልኩት ጠጋኙን።

«በእጅ ከቀየርኩት ሌላውም ፕሮግራም ይበላሻል፣ እህቴ። አዲስ ተጠቃሚ እከፍትና ዕቃውን እናዛውራለን። አሮጌውን ከነፎልደሩ እንሰርዘዋለን።»

«ሰርዘው» አለ ባሌ፣ ዓይኑን እንኳን ሳያሽ። ደስ አለኝ። አሸነፍኳት አልኩ በልቤ።

ጠጋኙ አዲሱን ከፈተና ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። «ስም ማን ልበል? በላቲን ይሁን እንጂ የፈለጋችሁትን።»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ ብሏል። «እሷ ታውጣልኝ» አለ። «አንቺ ማን ትይኛለሽ?»

እኔ ግራና የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያደግሁት፤ እናቴ አባቴን «አንቱ» እንጂ ሌላ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። ሚስት ባሏን በስሙ መጥራት እንኳን ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ባሌን «ስማ» ነው የምለው። ጓዳ ሆኜ «ስማ»፣ በር ላይ ሆኜ «ስማ»። ምን ልበል? ሰዎቹ ያዩኛሉ፣ እሱ ይጠብቀኛል።

ጠጋኙ ሲሰለቸው «ዩዘር ልበለው በቃ» ብሎ ጻፈ። የባሌ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ጌሙ ተከፈተ፣ ሜዳው መጣ፣ ሕዝቡ ጮኸ። ፎቶዎቻችን ወደ አዲሱ ተዛወሩ፤ አሮጌውን ባሌ ራሱ ተጭኖ ሰረዘው። ከእሷ ነገር አንዲት ፊደል አልቀረችም። ቅናቱ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ያቺ ሴት እጮኛ ብቻ ሆና ሳለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ያን ቃል እንደ ዋዛ ጻፈችው። በድፍረቷ ቀናሁ፣ እስከ ዛሬም እቀናለሁ።

አሁን እቤት ነው የሚጫወተው፣ ያሰብኩት ደረሰልኝ። ላፕቶፑ ሲበራ «ዩዘር» ይላል። ትናንት ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ ግብ አግብቶ ብቻውን ይስቃል። ዛሬስ እኔም እንደዚያ ያለ ቃል እለዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

«ስማ» አልኩት።

ጆይስቲኩን አስቀምጦ ዞረ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እራት ቀርቧል» አልኩት።