የሌሊቱ እጥበትና የጋራው ቆጣሪ

ጂንካ በተከራየሁበት ግቢ አራት ቤተሰብ ነበርን፤ ቆጣሪው ግን አንድ። የመብራት ሂሳብ በየወሩ ለአራት እኩል ይከፈላል። እኔ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እስካስገባ ድረስ ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም።

ማሽኑን የገዛሁት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ነው። ከቱርሚ አቧራ ለብሰው የሚመለሱ ቱሪስቶች የሚያድሩበት አንድ ፔንሲዮን አንሶላውን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። በእጅ ማጠብ ወገቤን ጨርሶት ስለነበር፣ ማሽኑ ከግቢው ከወጣ እንጀራዬም አብሮት እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ሂሳቡ በየወሩ ሲያሻቅብ አከራያችን እትዬ ጠሩኝ። ለንግድ ከመሀል አገር መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ነበሩ።

“አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር ካልተስተካከለ ማሽንሽን ታወጪልኛለሽ” አሉኝ።

እኔ ግን ከሁሉም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እዚያ አገር እመቤቴ ማሽኑን ማታ ሞልታ፣ ሌሊት በራሱ እንዲነሣ የማዘግያውን ቁልፍ ትጫን ነበር፤ ሌሊት መብራት ይረክሳል ትለኛለች። እኔም እንደሷ ማታ ሞልቼ፣ የውሃውን ሙቀት ዘጠና ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንዲነሣ አዝዤው እተኛለሁ። መብራት ይቆጥባል የሚባለውን ኢኮ የሚለውን ምርጫ ነክቼው አላውቅም። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ነገር እንዴት ብሎ ይቆጥባል? ብዙ የሠራ ብዙ ይበላል ባይ ነኝ።

ጣቴን የቀሰርኩት ጎረቤቴ ላይ ነው። ገበያ አትክልት የምትሸጥ የአሪ ሴት ነች፤ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። “የኔ ማሽን የሚሠራው በርካሹ ሰዓት ነው። ሂሳቡን የሚያንረው የሷ ምድጃ ነው!” ብዬ ግቢው ሁሉ እየሰማ ጮኽኩባት። በማግስቱ ከሰል ገዝታ ገባች።

ሦስት ወር በከሰል አበሰለች። የቱሪስቱ ወቅት ደርሶ እኔም አንሶላ ስለጨመርኩ ሂሳቡ ፈቀቅ አላለም። እትዬ ፊታቸውን ማጥቆር ጀመሩ፤ እኔም በበራቸው ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥን ነበር።

ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቀን የሌሊቱን ብልሃቴን፣ ኢኮንም እንደማልነካ በኩራት ነገርኩት። ሳቀ።

“እህቴ፣ የናንተ ቆጣሪ ቀንና ሌሊት አይለይም። የሚቆጥረው መጠኑን ብቻ ነው። ሲበዛ ደግሞ ዋጋው ራሱ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ማሽን ውስጥ መብራት የሚጨርሰው ውሃ ማሞቁ ነው። ኢኮ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያጥብ ነው ጊዜ የሚወስደው።”

እትዬ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። “እሁድ በኢኮ ስታጥቢ በዓይኔ አያለሁ። ካልቀነሰ ሰኞ ይወጣል” አሉ።

እሁድ ሁሉም ከየቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ ቆጣሪው የማሽኑን ብቻ እንዲቆጥር የየቤቱን ብሬከር አወረድን። መብራት ያለው ማሽኑ ብቻ ሆነ። አንሶላውን እኩል ለሁለት ከፈልኩ፤ መጀመሪያ እንደ ልማዴ በዘጠና አጠብኩ። እትዬ የቆጣሪውን ቁጥር በፊትም በኋላም በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጻፉ። ሁለተኛውን በኢኮ አስነሣሁት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲዞር ማንም ከግቢው አልወጣም። አንዱ ተከራይ “ይኼማ ፍሪጄን ሊያቀልጥብኝ ነው” እያለ ያጉረመርማል። እኔ ሰኞ ማሽኑን የት እንደማስገባው፣ ለፔንሲዮኑ ምን እንደምል ብቻ ነበር የማስበው። ጎረቤቴ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ አንዴም ቀና አላለችም።

ማሽኑ ቆመ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪውን አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ ደግመው ቆጣሪውን አዩ።

“የዘጠናውን ግማሽ እንኳ አልበላም” አሉ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አንሶላውን አውጥቼ ለፀሐይ ዘረጋሁት፤ ከዘጠናው የሚለይበት ነገር አልነበረም።

“ይቀመጥ” ብለው ፈረዱ እትዬ። “ግን በኢኮ፣ ያውም ሞልተሽ። ማዘግያውንም ሰው ምግቡን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ እንዲነሣ አድርጊው። ዋጋ ባይቀንስም፣ ሁሉም እኩል ሲነሣ ብሬከር መውደቁ ይቀርልናል።”

ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ገና በደስታ እየሣቅሁ ዞር ስል ጎረቤቴ ጎመኗን ታቅፋ ፊቴ ቆማለች። ዓይኗ ከከሰሉ ጭስ የተነሣ ቀልቷል።

“ለማሽንሽ ተፈረደለት” አለችኝ በቀስታ። “ለኔስ?”

ሣቄ አፌ ላይ ቀረ። ግቢው ሁሉ እየሰማ የጮኽኩባት እኔ፣ ይቅርታውን ለመጠየቅ ድምፄ ጠፋ።