በስእለት ያልተተወ ሲጋራ

ሲጋራን በስእለት ሁለት ጊዜ ትቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼበታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፍኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሰው እምነትህ ደካማ ነው አለኝ።

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሴት ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ሕፃን ልጇ ደረቱን እያመመው ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር፣ ሐኪሞቹ ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ ወይ ብለው ይጠይቋታል። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ወይ ሲጋራው ይውጣ ወይ እርስዎ ይውጡ» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ልብሴን ከቁምሳጥኑ አውጥታ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። እኔም አልተቆጣሁም። የምሄድበት ቤት የለኝም።

በዚያው ሳምንት ለገብርኤል ሦስተኛ ስእለት ተሳልኩ፤ ትምባሆ የሚባል ነገር ሰውነቴ ውስጥ አይገባም ብዬ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መቼ መቼ እንደተመለስኩበት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ሁለቴም አቀበቱ ጫፍ ደርሰው ነው የተመለሱት» አለች።

ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የሲጋራው አምሮት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል አለችኝ። እኔ እየባሰ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በወኔ ብቻ የሚሳካለት ጥቂት ነው አለች፤ መድኃኒትና ምክር ሲታከሉበት ዕድሉ ይሰፋል፣ ዋስትና ግን አይሆንም። መሀል ከተማ ያለ መድኃኒት ቤት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሲጋራ አምሮት ማስታገሻ ፕላስተር ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። ልለጥፈው ስል ውስጡ ያለው ያው ሱስ የሚያሲዘው የትምባሆው ኒኮቲን መሆኑን መድኃኒተኛው ነገረኝ። ስእለቴን የማፈርስ መሰለኝና ወረቀቱን እንኳ ሳልቀድ አስቀመጥኩት።

ሲጋራውን ያለ ፕላስተር፣ ባዶ እጄን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት፣ የምሠራበት ቦታ፣ የአንዲት ሴት ጤፍ አፈሰስኩ፤ ሰደብኳትም። አብሮኝ የሚሠራው፣ «ፕላስተር የቆሰለ ሰው ነው የሚለጥፈው፤ ወንድ ልጅ በወኔው ነው የሚተው» እያለ አፍንጫዬ ሥር ያጨሳል። እሱም በወኔው ሊተው ብዙ ጊዜ ምሎ ነበር። ወደ ሲጋራው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መልሼ ሰበሰብኩትና ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የስእለቱንና የፕላስተሩን ነገር ነገርኳቸው።

«የተሳልከው ለመዳን ነው ለመሰቃየት?» አሉኝ።

ለመዳን አልኩ።

«እንግዲያው ለጥፈው። ስትሳል ልብህ የከለከለው ጭሱን ነው፤ መድኃኒት በስእለት አይከለከልም።»

ለጠፍኩት። አምሮቱ አልጠፋም፤ ግን ሊሸከሙት የሚቻል ሆነ። ፕላስተሩ ሌሊት የሚያመጣው ሕልም ሲበዛብኝ ነርሷ ማታ ማታ እንድነቅለው ነገረችኝ። በየሳምንቱ እየጠራች የት የት እንደከበደኝ ትጠይቀኛለች። ከምሳ በኋላ ከሚያጨሱት ጋር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንዳልቀመጥ፣ አምሮቱ ሲመጣ ተነስቼ እንድሄድ፣ እሱም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ያልፋል። እየቀነስኩ ፕላስተሩንም ተውኩት።

ሰው ሲጋራ ሲተው ደስ ይለዋል ይላሉ። እኔን ምንም አላለኝም። ልጄ ልብሴን ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቁምሳጥኑ መለሰችው።