የማይመች ምስጋና

ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ፣ ከማቅለሚያ ክፍሉ የሚወጣው ውሃ አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን ሰማያዊ ሆኖ በቀጥታ ወንዝ ይገባ ነበር። ከታች ያሉት ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ከዚያ ወንዝ ማጠጣት ከተዉ ቆይተዋል። አቤቱታው ሲበዛ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሰው የሚወጣውን ውሃ እንደሚለኩ፣ ካልጠራም ፋብሪካውን እንደሚዘጉት ነግረውን ሄዱ። የፍሳሽ ማጣሪያውን ሥራ የማስተባበሩ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ።

ጊዜው እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኮንክሪት በዝናብ መሞላት አለበት፤ ሞተሮቹ ገና ጉምሩክ ናቸው። ከሁሉ የባሰውን ግን የነገረችን የላቦራቶሪዋ ኬሚስት ናት። በኮንትራት የተቀጠረች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሐሳቧን ግን የማትመልስ ሴት ነበረች።

«ገንዳው ቢያልቅም ውሃውን የሚያጠራው ገንዳው አይደለም» አለችን። «ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ተራብተው የእኛን ቀለም እስኪለምዱ ሳምንታት ይፈጃል። ግንባታው እስኪያልቅ ከጠበቅን አለቀልን።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ካሁኑ እናሳድጋቸዋ።»

ገላን አካባቢ ማጣሪያው በደንብ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። እሷው ሄዳ ለምና ተሕዋስያኑ ያሉበትን ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ በበርሜል አስመጣች። ከላቦራቶሪው ጀርባ የውሃ ታንከሮች አሰልፋ፣ አየር እየነፋችበት፣ በየቀኑ ከእኛ ፍሳሽ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች አለማመደችው። ሽታው ለጉድ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ «የጭቃ እናት» ይላት ነበር። እሷ ትስቃለች። ገንዳው ያለቀ ዕለት ዝቃጩ በሕይወት ነበር፤ ወደ ገንዳው ገለበጥነውና ሥራውን ቀጠለ።

ሌሎቹም ለነፍሳቸው አልሳሱም። የግንባታው ፎርማን በዕድሜ የገፉ የፉሪ ሰው ነበሩ፤ ሠራተኞቹ በአክብሮት «ኦቦ» ይሏቸዋል። ገንዳውን ውሃ ሞልተን ስንፈትሽ በመጋጠሚያው በኩል አፈሰሰ። እሳቸው ማንንም ሳይሳደቡ ልጆቹን ሰብስበው አስፈልፍለው እንደገና አሠሩት። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ መብራት ሲዋዥቅ አየር የሚነፋው ሞተር ቢቃጠልበት፣ ከቆመ ማሽን ላይ ልኩ የሆነ ሞተር ፈልጎ ገጠመ። ያ አየር ለረጅም ጊዜ ቢቋረጥ ኖሮ ያሳደግናቸው ነገሮች ታፍነው ይሞቱ ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ናሙና ወሰዱ፣ አለፍን። በዚያው ሳምንት የኬሚስቷ ኮንትራት አለቀ። አላደሱላትም።

ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ዝግጅት እንደሚኖር፣ የቦርድ አባላትም እንደሚመጡ ነገረኝና «የቡድኑን ሥራ አንተ ትናገራለህ» አለኝ። «ሁሉም ተባብሮ» ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። እንዲያ ያለ ምስጋና የሠራውንም ያልሠራውንም እኩል ያደርጋል። ስለዚህ ዞሬ ጠየቅኋቸው።

«እኔን ተወኝ» አሉኝ ፎርማኑ። «ኮንክሪቱ እንዳይበላሽ ዝናብ ላይ ላስቲክ ይዘው የዋሉትን ልጆች ጥራቸው። ያቺን ልጅ ደግሞ እንዳትረሳ፣ ኢንታላ ኮ።» በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚጠሯት።

ኤሌክትሪሻኑም «እሷ ባትኖር የእኔ ሞተር ባዶ ውሃ ነበር የሚያፈላው» አለኝ።

እሷንም ደወልኩላት። «በዝግጅቱ ላይ ስምሽን ልጥራ?» አልኳት።

«ጥራኝ» አለችኝ። «ከነአባቴ ስም ጥራኝ።»

የምናገረውን ለሥራ አስኪያጁ አስቀድሜ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «ጥሩ ነው። የእሷን ግን ተው» አለኝ።

«ለምን?»

«የለችማ። አንተ ‹እሷ ባትኖር አይሳካም ነበር› ስትል፣ ቦርዱ ‹ታዲያ ለምን አሰናበታችኋት› አይለኝም?»

«መልሷታ።»

ሳቀ። «‹ላቦራቶሪው› በል። ላቦራቶሪው ቢባል ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። ያናደደኝም እሱ ነው።

በዝግጅቱ ቀን ካፍቴሪያው ውስጥ ወንበር ተደርድሮ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ ማይክሮፎን ተሰጠኝ። ላስቲክ የያዙትን ልጆች አንድ በአንድ ጠራሁ። ፎርማኑን ጠራሁ፤ ሲጨበጨብላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ኤሌክትሪሻኑን ጠራሁ፤ ጓደኞቹ አፏጩለት። ከዚያ እሷን ከነአባቷ ስም ጠራሁና ያደረገችውን ተናገርኩ። ዝቃጩን አስቀድሞ የማለማመድ ሐሳብ የእሷ መሆኑን፣ ያንን ሐሳብ ባታመጣ ኖሮ ባለቀ ገንዳ ፊት ለፊት ቆመን እንዘጋ እንደነበር ነገርኳቸው። ከቦርዱ አንዱ «የትኛዋ ናት?» ብሎ ዞር ዞር አለ።

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ማይክሮፎኑን በትሕትና ከእጄ ወሰደ።

«ለማስተካከል ያህል» አለ ፈገግ ብሎ። «ዝቃጭ እንዲመጣ የወሰነው ማኔጅመንቱ ነው። ልጅቷ የታዘዘችውን በሚገባ ፈጽማለች። ለእሷም እናጨብጭብ!»

ተጨበጨበ። ኤሌክትሪሻኑ ጫማውን እያየ አጨበጨበ። ፎርማኑ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ፤ እሳቸውም ግን አልተናገሩም። እኔም «አይደለም» ለማለት አፌን ስከፍት ሙዚቃ ተለቀቀ።

በር ላይ ኤሌክትሪሻኑን ይዤ «እውነቱን ታውቅ የለ?» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንተ ማይክ ይዘህ ነበር፤ እኔ የያዝኩት ወንበር ነው» ብሎኝ ሄደ።

ማታውን ቪዲዮው በቴሌግራም ተሰራጨ። ደወልኩላት፤ አይታዋለች።

«አንተን አልቀየምህም፤ ጥራኝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ግን እየው፣ ሳትጠራኝ ቀርተህ ቢሆን የተረሳሁ ሰው ነበርኩ። ሰው ይረሳል። አሁን ግን የሌላ ሰው ሐሳብ የእኔ ነው የምል ሴት ሆኛለሁ። ነገ ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ‹ማጣሪያውን እኔ ነኝ ያስጀመርኩት› ብል ማን ያምነኛል? ደውለው ቢያጣሩ የሚያገኙት ሥራ አስኪያጁን ነው።»

«እኔ እመሰክራለሁ» አልኳት።

«መስክረህ አየነው» አለች፤ ያለ ቁጣ።

እንደፈራችውም ሆነ። ሁለት ቦታ ተወዳድራ፣ ስለ እሷ ፋብሪካችን ከተጠየቀ በኋላ መልስ ሳይሰጧት ቀሩ። በመጨረሻ ሱሉልታ አንድ ውሃ ማሸጊያ ገባች፤ የጠርሙስ ውሃ ናሙና ትለካለች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄድኩ። በዚያ በሱሉልታ ብርድ ነጭ ጋዋኗ ላይ ሹራብ ደርባ ወጣች። ሥራው እንዴት ነው ስላት «ንጹሕ ነው። የሚሸት ነገር የለውም፣ የሚታሰብም ነገር የለውም» አለችኝ። ቡራዩ ወደ ሌላ ሥራ የሄዱትን የፎርማኑን ጤንነት ጠየቀችኝ። ስለ ፋብሪካው ምንም አልጠየቀችም።

እኔ እዚያው ነኝ። ማጣሪያችን ለሌሎች ፋብሪካዎች ምሳሌ ተብሎ ጎብኚ አይጠፋበትም። አስጎብኚው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ገንዳው ጫፍ ላይ ይቆምና «ጊዜ እንደሌለን ሲገባኝ፣ ገንዳው እስኪያልቅ ለምን እንጠብቃለን፣ ካሁኑ እናሳድጋቸው አልኩ» ይላል። የታንከሮቹን አቀማመጥ ያሳያል። አፍንጫውን ይዞ ሽታውን ሳይቀር ይተርካል። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፣ ያደንቃሉ፤ አንዳንዶቹ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ሲያልቅ እኔ «የፓምፑ ክፍል በዚህ በኩል ነው» እላለሁ።